የእቁብ ዳኛ እንዲህ ይናገራል?

ለወጣት ዲዛይነሮች፣

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ዲዛይነር የአንድ ስታርትአፕ ሎጎ ላከችልኝና «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አለችኝ። እኔም «ድርጅቱ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ይላል?» ብዬ ጠየቅኋት። አላወቀችም። ይህን ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም። ለምን እንደሆነ እኔ ራሴ በተሳሳትኩበት ሥራ ላሳያችሁ።

ከዓመታት በፊት እቁብን በስልክ የሚያስጥል አፕ የሚሠሩ ልጆች መጡ። የብራንዳቸውን ጠባይ በሦስት ቃል ጽፈውታል፦ ቅን፣ ጠንቃቃ፣ ቅርብ። «እንደ ጥሩ የእቁብ ዳኛ» አሉኝ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው የገበያ ነጋዴ ሴቶች ናቸው። ሎጎውን ሠራሁ፣ ቀለሙን መረጥኩ፣ ሁላችንም ወደድነው። አፑ ሥራ ሲጀምር ግን ሴቶቹ «እንደ ቢሮ ነው የሚያናግረን» አሉ።

ያኔ ሥራዬን ለያይቼ ማየት ጀመርኩ። የስሙን ጽሑፍ በጥቁር ብቻ አተምኩት። ቀለሞቹን ያለ ስም በሌላ ወረቀት አደረግኋቸው። የአፑን መልእክቶች ደግሞ ስሙን ሰርዤ በሦስተኛ ወረቀት ጻፍኳቸው። ከዚያ አፑን ለማያውቁ አሥር ሰዎች አንድ በአንድ እያሳየሁ «ይህ ነገር ሰው ቢሆን ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱን ቃላት አልነገርኳቸውም። ይህን አደራ እንዳትረሱ። «ቅን ይመስላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሀገሬ ሰው ይሉኝታ አለው፣ «አዎ» ይላችኋል። አሥር ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን አንድ መልስ ሲደጋገም መስማት ይበቃል።

በስሙ ጽሑፍ ላይ አንዱ «የሁለት ድርጅት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የላቲኑን ፊደል ክብና ለስላሳ አድርጌ በእጄ ስዬው ነበር። አማርኛውን ግን ከኮምፒውተሬ ካገኘሁት ዝግጁ ፎንት ወሰድኩት፤ ወፍራምና ቀጭን መስመር ያለው፣ የአዋጅ ወረቀት የሚመስል። ስሙ ውስጥ ደግሞ «ሌ» ነበረች። ፎንቱ ስለወፈረ በስልክ ላይ በምልክት መጠን ስትታይ የእግሯ ቀለበት ተደፍኖ «ሊ» ትመስላለች። ጠንቃቃ ነኝ የሚል ድርጅት የገዛ ስሙ አልነበብ አለ!

ስለ ቀለሙ አጭር ልበል። ሞቅ ያለው ቢጫ፣ `#FFC107`፣ ለ«ቅርብ» ጥሩ ነበር። በላዩ ያለው ነጭ ጽሑፍ ግን ከቢጫው ጋር ያለው ንፅፅር 1.6 ለ 1 ብቻ ነው። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ያስፈልጋል። መርካቶ ፀሐይ ላይ ቆማ ስልኳን የምታይ ሴት «ክፈል» የሚለውን ቁልፍ አታገኘውም። ጽሑፉን ጥቁር ቡናማ ስናደርገው ቢጫውን ሳንነካ ተስተካከለ።

ትልቁ ችግር አነጋገሩ ላይ ነበር። ማስታወቂያው «ጀግናዬ፣ እቁብህን ጣል!» ይላል። ለሃምሳ ዓመት እናት፣ ያውም በወንድ አንቀጽ። ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ ገጹ በሙሉ ቀይ ሆኖ «ክፍያዎ አልተፈጸመም። ቅጣት ይታሰባል» ይላል። አንድ አፕ፣ ሁለት ሰው፤ አንዱ የሰፈር ጎረምሳ፣ ሌላው ገንዘብ ተቀባይ። ድርጅቶች ማስታወቂያቸው ላይ ይጠነቀቃሉ፤ ጠባያቸው የሚታወቀው ግን ነገር ሲበላሽ በሚልኩት መልእክት ነው። እናንተም መጀመሪያ እሱን አስወጥታችሁ አንብቡ።

እኛ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለን እያነበብን «ዳኛዋ እንዲህ ትላለች?» እያልን አረምናቸው። በሁሉም ቦታ «እርስዎ» አደረግን፤ አክብሮቱም አለ፣ የወንድና የሴት ጣጣም ቀረ። ቀዩን አነሳን። የዘገየው ክፍያ መልእክት «የዛሬው እቁብ ገና አልደረሰንም፤ ደህና ነዎት?» ሆነ። ደስ አለን።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ነጋዴ ተቆጥተው ደወሉ። «ደህንነቴን ጠየቃችሁኝ፣ ቅጣቱን ግን አልነገራችሁኝም» አሉ። ልክ ነበሩ። ቅርብ ለመሆን ስንሮጥ ጠንቃቃነቱን ጥለነዋል። የእቁብ ዳኛ ደህንነትሽን ትጠይቃለች፤ ሕጉንም ትነግርሻለች። እንደገና ጻፍነው፦ «የዛሬው እቁብ ገና አልደረሰንም። እስከ ነገ ቀን 6 ሰዓት ከገባ ቅጣት የለውም፤ ከዚያ በኋላ 50 ብር ይጨመራል። ካልተመቸዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን፣ ሰው ያነሳል።»

ልጆቹ «ሰው ያነሳል» የምትለውን ሐረግ ሲያዩ ተያዩ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው አልነበራቸውም። መልእክቱ የወጣው አንዲት ልጅ ከተቀጠረች በኋላ ነው።