«በኤአይ ነው ያጻፍከው» ተባልኩ፤ የጉግል ዶክስ ታሪክ ያስረዳልኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለአንድ የጉዞ ድርጅት ስለ ጣና ገዳማት አነስተኛ የጎብኚ መመሪያ በአማርኛ ልጽፍ ጥቅምት ላይ ተዋዋልን። ክፍያው 36 ሺህ ብር ነው፤ 12 ሺህ ቅድሚያ ተቀብያለሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አስረከብኩ። የተወሰነውንም ፌስቡክ ገጻቸው ላይ ለጥፈውታል። ቀሪውን ብር ስጠይቅ ግን «ኤአይ ነው የጻፈው፤ በመመርመሪያ አስፈትሸን 87 በመቶ ብሎናል» አሉኝ። አብዛኛውን የጻፍኩት ጉግል ዶክስ ላይ ነው። አንዱን ምዕራፍ ጀልባ ላይ ሆኜ ቴሌግራም ላይ ከጻፍኩ በኋላ ነው ዶክሱ ላይ የለጠፍኩት። ኤአይ የጠየቅኩት ርዕስ እንዲጠቁመኝ ብቻ ነው። የዶክሱ ታሪክ ፍርድ ቤት ያስረዳልኛል?

መልስ፦ ያስረዳል። ግን ከዶክሱ በፊት ውሉን እንይ። በላኩልኝ ኮፒ ላይ ስለ ኤአይ አንድም ቃል የለም። ያለው ጽሑፉ በራስዎ የተዘጋጀና ከሌላ ያልተቀዳ መሆን አለበት የሚል አንቀጽ ነው። ጠባችሁ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ አንቀጽ ላይ ነው።

ማስረዳት ያለበት ማነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2001 ይህን ይመልሳል። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ደግሞ ያንን ራሱ ያስረዳል። እርስዎ ውሉን፣ ማስረከብዎንና ድርጅቱ ጽሑፉን ፌስቡክ ላይ መጠቀሙን ካሳዩ የእርስዎ ድርሻ በአብዛኛው አለቀ። ያንን የፌስቡክ ልጥፍ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያድርጉት፤ አድራሻውንም ይያዙ። ጽሑፉን ለሕዝብ አሳይቶ ሲያበቃ «አልቀበለውም» ማለት ለማንም ዳኛ ቶሎ አይዋጥለትም።

የድርጅቱ ማስረጃ ያው 87 በመቶ የሚለው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ግምት ነው፤ ማን እንደጻፈ ያየ ምስክር አይደለም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ የኤአይ ጽሑፍ መለያ አውጥቶ ነበር። ሲያወጣው ለእንግሊዝኛ ብቻ ተጠቀሙበት፣ በሌሎች ቋንቋዎች በጣም ይዳከማል ብሎ አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ደግሞ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው። የእርስዎ ጽሑፍ አማርኛ ነው። ስለዚህ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ የትኛው መመርመሪያ ነው? በአማርኛ ላይ ተፈትኗል? ያስገባችሁት ሙሉውን ነው ወይስ ቁራጩን?

ያም ሆኖ «የማስረዳት ሸክሙ የእናንተ ነው» ብለው እጅዎን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አልመክርም። ዳኛ ሰው ነው፤ «ታዲያ አንተ እንዴት ጻፍከው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ታሪኩ ሥራ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ማስረጃ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አይነፈገውም ይላል። ክብደቱ የሚመዘነው እንዴት እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደተቀመጠና ሳይነካካ መቆየቱ ታይቶ ነው። ስለዚህ ጭንቀትዎ «ይቀበሉኛል ወይ?» ሳይሆን «ምን ያህል ይመዝንልኛል?» ይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የዶክስ ታሪክ ሰው መጻፉን አያሳይም። የሚያሳየው ፊደሎቹ መቼ፣ በየትኛው አካውንትና በምን ቅደም ተከተል እንደገቡ ነው። ኤአይ ያወጣለትን ጽሑፍ አጠገቡ አድርጎ በጣቱ የሚገለብጥ ሰውም ቀስ በቀስ የሚያድግ ታሪክ ይኖረዋል። ጠበቃቸው ንቁ ከሆነ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ነው። ስለዚህ «አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ልዩነቱ ያለው በአካሄዱ ነው። የሚገለብጥ ሰው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የሚያርመው የፊደል ግድፈት ነው፤ ሐሳቡን አያፈርስም። እያሰበ የሚጽፍ ሰው ግን ይመላለሳል። መሃል ይጀምራል፣ ግማሽ አንቀጽ ይጥላል፣ ለራሱ ማስታወሻ ይተዋል፣ ስህተት ጽፎ በኋላ ያርማል።

ከላኩልኝ ምስሎች የዘጌውንና የደሴቶቹን ክፍል ወስጄ ላሳይዎ። October 24 ላይ 8:40 PM የሚለው ስሪት ርዕስና ጥቂት መስመሮች ብቻ አሉት። ከሥሩ «ለጀልባው ሰውዬ ደውል» የሚል ማስታወሻ አለ። ከፍ ብሎ ክብራን ገብርኤል ለሁሉም ጎብኚ ክፍት እንደሆነ ተጽፏል። ይሄ ስህተት ነው፤ እዚያ ገዳም ሴት አይገባም። በዚያው ምሽት 9:20 PM ላይ ያለው ስሪት ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ ሴቶች እንደማይገቡ ይናገራል፤ ማስታወሻውም ጠፍቷል። በነጋታው ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች የሚያወራው አንቀጽ ከመጨረሻ ተነስቶ ወደ መጀመሪያ መጥቷል።

አሁን የጀልባው ባለቤት የላከልዎትን የድምፅ መልእክት አብረን እናስቀምጠው። ቴሌግራም ላይ የደረሰው በዚያው ምሽት 9:05 PM ነው። «ኧረ ክብራን ሴት አይገባም» ሲል ይሰማል። ከመልእክቱ ሩብ ሰዓት በኋላ ዶክሱ ታረመ። እኔ ዳኛ ብሆን ከሌላው የዶክስ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ይህ ሩብ ሰዓት ያሳምነኝ ነበር። ሁለት የተለያዩ መዝገቦች፣ ያውም አንዱ በሌላ ሰው ስልክ ላይም ያለ፣ አንድ ነገር ሲናገሩ ማስተባበል ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ሌላም ይፈልጉ። ፎቶ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የጀልባ ደረሰኝ፣ ያገኘዎት ዲያቆን፣ ሁሉም ይሆናል። ሦስት አራት ካገኙ ይበቃል። ሁለት መቶ ገጽ ስክሪንሾት ይዘው ችሎት አይግቡ፤ ማንም አያነበውም።

ከቴሌግራም ያመጡት ምዕራፍ ታሪኩ ላይ በአንድ ጊዜ ዱብ ያለ ብሎክ ሆኖ ነው የሚታየው። ይሄ ከኤአይ ተቀድቶ ከተለጠፈ ጽሑፍ ጋር በዓይን አይለይም። እነሱ ከማንሳታቸው በፊት እርስዎ ይናገሩት። ቴሌግራሙ ላይ መልእክቶቹ ከነሰዓታቸው አሉ አይደል? አይንኳቸው። በተለይ አሁን ገብተው ፊደል እንዳያርሙ፤ መልእክቱ ላይ edited የሚል ምልክት ይመጣል፤ የፊተኛው ጽሑፍም አይታይም።

የርዕሱንም ነገር አይደብቁ። ውሉ አልከለከለም፤ ርዕስ ማማከር ሥራውን የሌላ ሰው አያደርገውም። ተደብቆ በመስቀለኛ ጥያቄ የወጣ እንደሆነ ግን እውነተኛውን ቀሪ ቃልዎንም ይዞት ይሄዳል።

ወደ አያያዙ እንምጣ። ዶክሱን በኮምፒውተር ይክፈቱ፤ `File` ከዚያ `Version history` ከዚያ `See version history` ይጫኑ። በቀኝ በኩል ቀኖቹ ይደረደራሉ፤ አጠገባቸው ያለችውን ትንሽ ቀስት ሲጫኑ በዚያ ቀን ውስጥ ያሉት ስሪቶች ይዘረዘራሉ። ጉግል ቦታ ለመቆጠብ አንዳንዴ ስሪቶችን ያዋህዳልና ነገ ዛሬ አይበሉ። ዋና ዋናዎቹን ስም ይስጧቸው። ከዚያ አካውንትዎን ከመክፈት ጀምሮ ስሪቶቹን እስከ ማሳየት ድረስ ያለውን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹ።

የማይደረገውም አለ። `Make a copy` ብለው ኮፒውን እንደ ማስረጃ አያቅርቡ፤ ኮፒ የፊቱን ታሪክ ይዞ አይሄድም። ወደ ዎርድ አውርደው ሲልኩትም እንደዚያው ነው። ለድርጅቱም የማረም ፈቃድ አይስጡ። ተመልካች ብቻ የሆነ ሰው ታሪኩን ማየት አይችልም፤ አራሚ ሲያደርጉት ደግሞ ጽሑፉን ይነካካል። ማየት ከፈለጉ ላፕቶፕ ይዘው ቢሯቸው ሄደው ፊት ለፊት ያሳዩ፤ አንድ ምስክርም ይዘው ይሂዱ።

ምናልባት «ዎርድ ላይ የጻፍኩትስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ የዎርድ ፋይል `Info` ውስጥ የተፈጠረበትን ቀንና ጠቅላላ የአርትዖት ደቂቃ ያሳያል። ጉዞውን አያሳይም። ቀኑ የኮምፒውተሩን ሰዓት ይከተላል፤ ሰዓቱን ደግሞ ማንም ይቀይረዋል። እንደ ደጋፊ እንጂ እንደ ዋና ማስረጃ አልይዘውም።

ትንሽ የምትመስል ግን ችሎት ላይ የምታምታታ ነገር ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ ናቸው። ዶክሱ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውልዎ በእኛ ነው። October 24, 2025 ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ 8:40 PM ደግሞ ከምሽቱ 2:40። ለእያንዳንዱ ምስል ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈው ያያይዙ። አለዚያ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የጻፍከው?» የሚል የማይረባ ክርክር ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታሪኩ የሳሳበት ቦታ አለ ብለው አሁን ቁጭ ብለው እንደ አዲስ እንዳይተይቡ። ጊዜው ራሱ ያጋልጣል። የሌላውን መብት ለመጉዳት የኮምፒውተር መረጃን አስመስሎ ማዘጋጀት ወይም መጠቀም ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። የገንዘብ ክርክር ይዘው ሄደው የወንጀል ተከሳሽ ሆነው መመለስ አያዋጣም።

ወደ ክስ ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። ሕጉ በአንቀጽ 1772 ተዋዋይ ግዴታውን አልፈጸመም ለማለት በቅድሚያ እንዲፈጽም ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። ቀሪውን 24 ሺህ ብር በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ ይጻፉ፤ ሲሰጧቸውም ኮፒው ላይ ያስፈርሙ። ደብዳቤው ላይ የጽሑፉ የለውጥ ታሪክ እንዳለዎትና በአካል ለማሳየት ፈቃደኛ እንደሆኑ ይግለጹ። ምስሎቹን ግን አሁን አያያይዙ። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ነው የሚከፍለው።

ካልከፈሉ ክሱ ላይ ውሉን፣ የፌስቡኩን ልጥፍ፣ የታሪኩን ምስሎች፣ ቪዲዮውንና የቴሌግራሙን መልእክት በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡ። የጀልባውንም ባለቤት በምስክርነት ይጥቀሱ። መጀመሪያ ሳይጠቀስ የቀረ ማስረጃ በኋላ ላስገባው ቢሉ ያስቸግራል። ድርጅቱ ታሪኩ ተቀነባብሯል ካለ ዶክሱ ችሎት ላይ ከራስዎ አካውንት እንዲከፈት ወይም ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። እስከዚያው አካውንቱን አይዝጉ፤ ስልክ ቁጥርም ከቀየሩ የይለፍ ቃሉን መልሶ ማግኛ ቁጥር አብረው ይቀይሩ።