መጨረሻውን የደበቅኩበት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንድ ፊልም የሚጽፍ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሲኖፕሲሱ ላይ መጨረሻውን ብደብቀው ፕሮዲውሰሩን አያጓጓውም?» አለኝ። ሲኖፕሲስ የሚለው የፊልሙን ታሪክ ባጭሩ የሚተርከውን ጽሑፍ ነው። ቶሎ አልመለስኩለትም። እኔም በእሱ ዕድሜ የደበቅኩት መጨረሻ አለኝና።

ያኔ ከአዲስ አበባ አንድ ፕሮዲውሰር ባሕር ዳር መጥቶ ነበር። እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። «ፊልምህ ስለ ምንድነው?» አለኝ። እኔም ጀመርኩ። ስለ ጣና፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ደንገሉን እንዴት አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው እንደሚያስሩት አወራሁ። ታንኳ እንደ ጀልባ ሆድ የለውም፤ የታሰረ ደንገል ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከውሃ ካላወጡትና ፀሐይ ላይ ካላሰጡት ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ይህንን ስነግረው ዓይኑ በራ፤ እኔ ግን አልፌው ስለ ሰው ልጅ ተስፋ መናገር ቀጠልኩ። ሁለተኛው ቡና ቀዝቅዞ «ሰውየው ማነው? ምን ይፈልጋል?» አለኝ። ሰውየውን ገና አልጠራሁትም ነበር!

የዚያን ቀን ማታ አንድ ገጽ ጽፌ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ተውኩለት። ከላይ ያለው ሎግላይን፣ ታሪኩን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገረው፣ «ፍቅርና ሞት በጣና ሐይቅ ላይ የሚፋለሙበት ልብ አንጠልጣይ ታሪክ» ይላል። ከታች ያለው ሲኖፕሲስ «ሽማግሌው ይደርስ ይሆን? መልሱን ከፊልሙ ያገኙታል» ብሎ ያልቃል። ጠዋት ስሄድ ፕሮዲውሰሩ ከሆቴሉ ወጥቶ ሄዷል። ወረቀቱን ትቶልኛል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ከዚያስ?» የሚል ጽፎበታል።

ዛሬ ብጽፈው ሎግላይኑ እንዲህ ይሆን ነበር፦ «ልጁ እሱ በሠራው ታንኳ ሰጥሞ ከሞተ ወዲህ ሽማግሌው ታንኳ ሠሪ ጣናን ላይረግጥ ምሏል። ዛሬ ሌሊት ግን ምጥ የጠናባትን የልጅ ልጁን ከደሴት ባሕር ዳር ለማድረስ ውሃ በጠጣች አሮጌ ታንኳ መቅዘፍ አለበት።» 30 ቃል ነው። የሽማግሌው ስም የለበትም፤ ጣናን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከስሙ ይልቅ ሙያውና መሐላው ይነግረዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያደረግኩትም ሆን ብዬ ነው። የእኛ ቋንቋ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ካጨቃችሁት አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ እስከ አራት ነጥቡ ይንጠለጠላል። ልብ አንጠልጣይ ማለት እሱ ከሆነ አላውቅም።

የዛሬ ልጆች ረጅም ነገር ማንበብ አትወዱም እያልኩ አማርራለሁ። ያን ጊዜ ግን የእናንተ ስልክ ያስለመዳችሁ ማሳጠር ቢኖረኝ ኖሮ ያ ሰው ሁለት ቡና ባላቀዘቀዘ።

ሲኖፕሲሱ ላይ «ነበር» ይብቃ፤ «ይቀዝፋል»፣ «ትጮኻለች» እያላችሁ ጻፉት፤ አንባቢው ፊልሙን አሁን የሚያይ ያህል ይከተላችኋል። በስም የሚጠሩት ሰዎችም ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። የእኔን የገደለው ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ የጀመርኩት «ከዚያ» ብዬ ነበር። ከዚያ ነፋስ ይነሣል፣ ከዚያ ዘመዶች ይጣላሉ፣ ከዚያ ጨረቃ ትወጣለች። የትኛውንም አንቀጽ ብታወጡት ሌላው አይጎድልም። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ብላችሁ ለማያያዝ ሞክሩ፦ የሞተር ጀልባው ተበላሽቷል፣ ስለዚህ የቀረችውን ታንኳ ይወስዳል፤ ነገር ግን ታንኳዋ አልደረቀችም፣ ስለዚህ በቀዘፈ ቁጥር ዝቅ ትላለች። «ስለዚህ»ም «ነገር ግን»ም የማይገባበት ቦታ ላይ ታሪኩ ተሰብሯል ማለት ነው። የጨረቃዋን ነገር እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ግን ምንም አታመጣም።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ሲኖፕሲስ የሚጻፈው ለተመልካች አይደለም፤ ገንዘቡን ለሚያወጣው፣ ታሪኩ መቆም አለመቆሙን ለሚመዝነው ሰው ነው። ማጓጓት የፖስተር ሥራ ነው። እኔ ግን የደበቅኩት ለማጓጓት እንኳ አልነበረም። ታንኳዋ ሁለት ሰው መሸከም ሲያቅታት ሽማግሌው ወደ ውሃው ይወርድና እየገፋ ይወስዳታል፤ እዚህ ድረስ አውቅ ነበር። ዳርቻው ላይ ይተርፍ ይሙት ግን አልወሰንኩም። አለማወቄን በጥያቄ ምልክት ሸፈንኩት፤ ያ ሰው በእርሳሱ የነካውም እሱኑ ነው።

ለልጁ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ «ታዲያ አሁን ወሰንክ?» አለኝ። አሁን ይተርፋል። እሷ ዳርቻው ላይ ትወልዳለች፤ እሱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ታንኳዋን ይይዛል።