ሙሽራዋ ዓይን ውስጥ ያለው መስኮት

ልጆቼ፣

ዶጅና በርንን፣ ማለትም ፎቶ ላይ ቦታ እየመረጡ ማንጣትና ማጥቆርን፣ ለመማር ደሴ ወደሚገኘው ፎቶ ቤቴ የምትመጡት አብዛኞቻችሁ ብራሽ አያያዙን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ግንባር መሃል ነጭ፣ አፍንጫ ላይ ነጭ መስመር፣ ሁለቱም ጉንጭ ላይ ነጭ፣ ከጉንጭ አጥንት ሥር ደግሞ ጥቁር። የማንም ሙሽራ ፎቶ ይምጣ፣ ያንኑ ካርታ ትስሉበታላችሁ። ግራና ቀኟ እኩል ይበራል። እንደዚያ የሚያበራ ፀሐይ ግን ጦሳ ላይ ወጥቶ አይቼ አላውቅም።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ክብ ካርቶን በሽቦ ጫፍ ላይ ለጥፈን፣ ፊልሙን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚጥለው ኢንላርጀር ወረቀቱን እያበራ ሳለ ሙሽራዋ ፊት ላይ ጥላ እንጥላለን። ወረቀቱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ብርሃን የከለከልነው ቦታ ይነጣል፣ ብርሃን የጨመርንለት ይጠቁራል። 12 ሰከንድ ከሚበራው ውስጥ 2 ወይም 3 ሰከንድ ብንከልል ነው፤ ያንንም እጃችንን ሳናቆም እያወዛወዝን። ካቆምን የካርቶኑ ጠርዝ ፊቷ ላይ ይወጣል። ፎቶሾፕ ውስጥ በእንጨት ላይ ያለ ከረሜላ የሚመስለው ምልክት ያ ካርቶን ነው፤ እጅ የሚመስለው ደግሞ ብርሃኑን በጣታችን መሃል የምናሾልክበት እጃችን ነው። ለስላሳ ብራሽና ትንሽ Flow እያልኩ የምነዘንዛችሁ ከዚያ የቀረ ልማድ ነው።

ባለፈው አንዳችሁ ያመጣችሁትን ፎቶ እንውሰድ። ሙሽራዋ ጠዋት ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከፎቶው በግራ በኩል አንድ መስኮት አለ። ካሜራማኑ ጨለመብኝ ብሎ ፍላሹን ካሜራው ላይ እንደሰካ ፊት ለፊት ለቀቀባት። ፊቷ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆነ። ልጁ ብርሃን ልሥራላት ብሎ ካርታውን ሊስል ሲል እጁን ያዝኩት። መጀመሪያ ዓይኗን እስከ 200% አቅርብ አልኩት። ብሌኗ ላይ ሁለት ነጭ ነገር አለ፦ መሃል ላይ የፍላሹ ትንሽ ነጥብ፣ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ደግሞ አራት ማዕዘን መስኮት። መስኮቱ አልጠፋም፣ ፍላሹ ነው የዋጠው። ሥራችን እሱን መመለስ እንጂ አዲስ ፀሐይ መፍጠር አይደለም።

አቀማመጡ ቀላል ነው። Ctrl+Shift+N ተጫኑና Mode የሚለውን Soft Light አድርጉ፤ ከሥሩ ያለችውን Fill with Soft-Light-neutral color (50% gray) የምትል ሳጥን ምልክት አድርጉባት። እንዲህ ያለ ሌየር ሁለት ሥሩ፣ አንዱ ለብርሃን፣ አንዱ ለጥላ። ብራሹ Hardness 0%፣ Flow 2% ይሁን፤ ስፋቱ የጉንጯን ያህል። ከሁሉም በላይ አንድ Black & White ሌየር አስቀምጡ፤ የሜካፑ ቀለም ሲጠፋ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል።

እኔ ሁልጊዜ ከጥላው እጀምራለሁ፤ ጥላው በትክክል ከተቀመጠ ብርሃኑ ግማሹ ተሠራ ማለት ነው። መስኮቱ በፎቶው ግራ ስለሆነ ጥቁሩን የምንጥለው በፎቶው ቀኝ ነው፦ የቀኝ ጆሮ ግንዷን፣ ከጆሮዋ ተነስቶ ከጉንጭ አጥንት ሥር ወደ መንጋጋ ጥግ የሚወርደውን፣ የአፍንጫዋን ቀኝ ጎን፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር ያለችውን ጎድጓዳ፣ ከአገጯ ሥር እስከ አንገት። ከቀኝ ዓይኗ በታች ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ግን አትንኳት። ከግራ ከፍ ብሎ የሚመጣ ብርሃን አፍንጫዋን ተሻግሮ እዚያ ያርፋል፤ የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፊት ሲስል የሚተዋት ቦታ ስለሆነች ፎቶ አንሺዎች በስሙ ይጠሯታል። ከዚያ ወደ ነጩ እንሂድ፦ የግንባሯ ግራ ጎን፣ የግራ ጉንጭ አጥንት፣ ከአፍንጫዋ ድልድይ ወደ ግራ ያጋደለ ቀጭን መስመር፣ የአገጯ ግራ። አንድ ምት ምንም ለውጥ አያሳይም፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ስትመላለሱ ነው ቀስ ብሎ የሚወጣው። ሲያልቅ Ctrl+0 ብላችሁ ፎቶውን አሳንሱና ሌየሮቹን አጥፍታችሁ አብሩ። ልዩነቱ ካስደነገጣችሁ Opacity ወደ 60% ይውረድ። እኔ ሳልቀንስ ያለፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አሁን ሜካፑ። የዘንድሮ ሜካፕ አርቲስት ዶጅና በርን በዱቄት ሠርታ ነው ሙሽራዋን የምታስረክባችሁ። ጥላውን ጉንጯ ሥር ቀብታለች፣ አብለጭላጩን በሁለቱም ጉንጭ ላይ አድርጋለች። እናንተ ስትደግሙት ፊቷ የተጠረበ እንጨት ይመስላል። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል የቀባችውን እንዳለ ተዉት፤ በጥላው በኩል ያለውን አብለጭላጭ ብቻ በጥቁር ረጋ አድርጋችሁ አውርዱ።

አብለጭላጩ ፍላሹን መልሶ ፍጹም ነጭ ሆኖ ከሆነ ግን ድካም ነው። Info ላይ R፣ G፣ B ሦስቱም 255 ካሉ፣ Soft Light ላይ ጥቁር ብትደፉም ያ ቦታ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ የሌየሩ ስሌት ፍጹም ነጭና ፍጹም ጥቁርን አይነካም። በበርን መሣሪያው ልግባ ብትሉ ደግሞ አመድ የመሰለ ግራጫ ይወጣል። ፎቶው በ RAW የተነሳ ከሆነ ተመልሳችሁ Camera Raw ውስጥ Highlights ዝቅ አድርጉ። ጄፔግ ከሆነ ከአጠገቡ ቆዳ ቀድቶ መድፈን ነው።

የእኛን ሰው ፊት የሚያበላሸው ሌላው ነገር ቀለሙ ነው። ጠይም ቆዳ ሲጠቁር ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ሲነጣ ያመዳል። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ጊዜ ስክሪኔን እስከ መጨረሻው አብርቼ ማታ የሠራሁት አልበም ታትሞ መጣ፤ የሙሽራዋ እናት ከፈቱት፣ ዝም አሉ፣ ጣታቸውን ጉንጯ ላይ አስቀምጠው «ወንድሜ፣ ልጄን ማን መታት?» አሉኝ። ስክሪኑ ደማቅ ስለነበር ጥላውን አብዝቼዋለሁ፤ ጥላው ቀልቶ ደግሞ ወረቀት ላይ ሰንበር መስሏል። በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ።

ከዚያ ወዲህ የመመልከቻውን Black & White አጥፍቼ ቀለሙን ሳላይ ፋይል አልዘጋም። የቀላው ጥላ ላይ Hue/Saturation ሌየር አምጥቼ Saturation ወደ -10 አወርዳለሁ፣ ማስኩን በ Ctrl+I ጥቁር አድርጌ የቀላው ቦታ ላይ ብቻ በነጭ እከፍተዋለሁ። ያመደው ላይ አዲስ ባዶ ሌየር ከፍቼ Mode ወደ Color አደርጋለሁ፤ ብራሹን እንደያዝኩ Alt ተጭኜ ከአጠገቡ ካልተነካ ቆዳ ቀለም እወስድና በዚያችው 2% እመልስለታለሁ። ከዚያ ጉንጯንና አንገቷን የያዘ ቁራጭ በትንሽ ወረቀት አሳትሜ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን አየዋለሁ። «ቀይ አድርጋት» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ በዶጅ ሌየር ፊቷን ብታቀሉት አንገቷና ሂና ያለው እጇ ያሳጡዋችኋል።

ሙሽራውም አጠገቧ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት የእሱንም ዓይን አቅርቡ። መስኮቱ ያው በግራ ነው፣ ግን እሱ ፎቶው ላይ ከእሷ በስተቀኝ ከቆመ ከመስኮቱ የራቀ ነውና ብርሃኑ ከእሷ ያንሳል። ልጁ ሁለቱ አብረው ያሉበትን ፎቶ ሲጨርስ እኩል አብርቷቸው ነበር። የእሱን ሌየር Opacity ወደ 35% አውርደነው ስናይ መስኮቱ ቦታውን ያዘ።