«ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ርቀት» ስንል ከየት ጀምሮ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አራት ኪሎ አካባቢ ተማሪዎች አስጠናለሁ። «ሳተላይቷ ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በክብ ምሕዋር ትዞራለች። ፍጥነቷንና አንዱን ዙር የምትጨርስበትን ጊዜ ፈልጉ» ብዬ ሰጠኋቸው። ግማሾቹ 96 ደቂቃ ተኩል፣ ግማሾቹ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ አሉኝ። ጥፋቱ የልጆቹ ነው ወይስ የአማርኛዬ?

መልስ፦ የአማርኛው ነው፣ ልጄ። «ርቀት» ሁለት ጫፍ ይፈልጋል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስንል ከየትኛው ድንጋይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከምድር እስከ ጨረቃ 384,400 ኪሎ ሜትር ስንልም ከምድር መሐል ይሁን ከገጿ ብዙ ለውጥ አያመጣም። እዚህ ግን ምድር ራሷ ከመሐል እስከ ገጿ 6,371 ኪሎ ሜትር ናት። ከርቀቱ አሥር እጥፍ ትበልጣለች።

ምድርን 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምጣድ አድርገህ አስባት። ሳተላይቷ ከምጣዱ ጠርዝ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አትርቅም። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያሉት ልጆች 600ን ከመሐል ቆጥረው ሳተላይቷን ምጣዱ ውስጥ ከተዋታል።

ስሌቱ የሚፈልገው ከመሐል ያለውን ነው። ምድር ሳተላይቷን ስትስብ፣ መጠነ ቁሷ ሁሉ መሐሏ ላይ እንደተከማቸ አድርገን እንቆጥራለን። በክብ መንገድ የሚያዞራትም ይኸው ስበት ብቻ ነው። ስለዚህ ስበቱንና በክብ ለመዞር የሚያስፈልገውን ኃይል እኩል እናደርጋለን፦

GMm/r² = mv²/r

የሳተላይቷ m ከሁለቱም ወገን ይጠፋል። ከባድ ሆነች ቀላል፣ ፍጥነቷ አይለወጥም። የሚቀረው v = √(GM/r) ነው። የምድር GM 398,600 km³/s² ነው፤ r ደግሞ 6,371 + 600 = 6,971 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቷ በሴኮንድ 7.56 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የዙሩ ጊዜ T = 2πr/v ነው፤ 5,790 ሴኮንድ ገደማ፣ ማለትም 96 ደቂቃ ተኩል።

በ600 ብቻ ያሰሉት በሴኮንድ 25.8 ኪሎ ሜትር አግኝተዋል። ይህ ሊሆን እንደማይችል ልጆቹ ራሳቸው እንዲያዩት አድርግ። የምድርን ገጽ እየታከከ የሚዞር ነገር ቢኖር እንኳ ፍጥነቱ 7.9፣ ዙሩም 84 ደቂቃ ገደማ ነው። ወደ ላይ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ዙሩ ይረዝማል። ከ84 ደቂቃ ያነሰ መልስ ያመጣ ተማሪ r የቱ እንደሆነ መለስ ብሎ ይይ።

«ከፍታ» ግን መነሻውን ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ስንል ማንም ከምድር መሐል አይቆጥርም። እኔ ብሆን ጥያቄህን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሳተላይቷ ከምድር ገጽ በላይ 600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በክብ ምሕዋር ትዞራለች።»