ከፋሲካ በኋላ ስለተመለሰው ኪሎ፦ ክብደትንና ወገብን በወራት ስለ መመዘን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቅበላ ሳምንት አማካይ ክብደቴ 78.4 ኪሎ ነበር፤ በሁዳዴ የመጨረሻ ሳምንት 74.4 ደረሰ። ፋሲካ ካለፈ በአምስተኛው ቀን ግን ሚዛኑ 76.9 አሳየኝ። የሁለት ወር ድካሜ በአምስት ቀን ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ ስለዚህ በአምስት ቀን 2.5 ኪሎ ስብ ለማስቀመጥ ሰውነትዎ ከሚያቃጥለው በላይ ወደ 19,000 ካሎሪ ገደማ መብላት ነበረብዎት። ይህ በየቀኑ በመደበኛው ምግብዎ ላይ የሁለት ሰው ምግብ መጨመር ማለት ስለሆነ፣ የፋሲካ ዶሮና ቅቤ የቱንም ያህል ቢበዛ እዚያ አይደርስም። ሚዛኑን ከፍ ያደረገው በአብዛኛው ውሃ ነው። በጾም ወቅት በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው ስኳር ይቀንሳል፤ ጾሙ ሲፈታ መልሶ ይሞላል፤ ሲሞላም የክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ይገባል። የወጡ ጨው የሚያስቀረው ውሃና ገና ከአንጀት ያልወጣው ምግብም በዚህ ላይ ይታከላሉ።

ይሁንና ይኸው ሒሳብ በሌላውም በኩል ይሠራል። በመጀመሪያው የጾም ሳምንት የወረደው ክብደትም በከፊል ውሃ ስለነበረ፣ አራት ኪሎ ስብ ቀንሻለሁ ማለት አይቻልም። ትክክለኛው ንጽጽር የፍስክ ሳምንትን ከፍስክ ሳምንት ጋር ማስተያየት ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ይታገሡና የሦስተኛውን ሳምንት አማካይ ይላኩልኝ።

ጥያቄ፦ በታዘዝኩት መሠረት ጠበቅሁ። የሦስተኛው ሳምንት አማካይ 75.9 ነው፤ ወገቤም ከ96 ወደ 93 ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

መልስ፦ እንግዲህ ከፍስክ እስከ ፍስክ ያለው ልዩነት 2.5 ኪሎ ሲሆን፣ የወገቡ ሦስት ሴንቲ ሜትርም ይህንኑ ስለሚደግፍ አዝማሚያው እውነተኛ ነው እላለሁ። መጠኑን በተመለከተ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። መነሻ ያደረጉት ሳምንት ቅበላ ነው፤ በቅበላ ደግሞ ሰው ከወትሮው በላይ ሥጋ ይበላል፣ ጠላውም ጨውም ይበዛል፤ ስለዚህ 78.4 ራሱ በውሃ ያበጠ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል አሁን ያሉበት በዓለ ሃምሳ የረቡዕና የዓርብ ጾም የሌለበት ጊዜ ስለሆነ 75.9 ከተለመደው የፍስክ ሳምንት ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ሁለቱ በከፊል ይጣፋሉ፤ ምን ያህል እንደሚጣፉ ግን ከእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ማወቅ አይቻልም። ለሚቀጥለው ዓመት ከቃና ዘገሊላ ማግስት እስከ ነነዌ ጾም ዋዜማ ባለው ጊዜ የተመዘነ አማካይ የተሻለ መነሻ ይሆናል፤ ጊዜው በየዓመቱ ቢረዝምና ቢያጥርም ትልቅ የበዓል ድግስም ረጅም ጾምም አይነካውም።

ጥያቄ፦ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ እመዘናለሁ። ሁልጊዜ በአንድ ቀን እስከሆነ ድረስ ይበቃል አይደል?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን አለመለዋወጥ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ዓርብን የሚጾም ሰው ቅዳሜ ጠዋት ከሳምንቱ ሁሉ ቀላል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በበዓለ ሃምሳ ጾሙ ሲቀር ያ ቅነሳ ስለሚጠፋ ምንም ሳይወፍሩ የወፈሩ ይመስላል። ከዚህም በላይ አንድ ምዝና ብቻውን ከእውነተኛው ክብደት አንድ ኪሎ ወዲያና ወዲህ ሊርቅ ይችላል። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሚዛኑ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ተቀምጦ፣ ቢቻል ሰባቱንም ቀን ይመዘኑና አማካዩን ብቻ ይያዙ። የወር አበባ የምታይ ሴት በተለይ ይህንን ሳምንት ካለፈው ጋር ሳይሆን ከአራት ሳምንት በፊት ከነበረው ጋር ብታስተያይ ይሻላል፤ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት የሚያዘው ውሃ የአንድ ወር ሥራ ሊሸፍን ይችላልና።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። በየቀኑ ስመዘን ቁጥሩ ከፍ ባለ ቀን ምሳዬን እተዋለሁ፤ ማታ ደግሞ እጥፍ እበላለሁ። አሁን ሚዛኑን ሰጥቼ ሜትር ብቻ ነው የምይዘው።

መልስ፦ ለእርስዎ ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል። አንዳንዶች የዕለቱን ቁጥር የቤት ሰው እንዲጽፍላቸው አድርገው የሳምንቱን አማካይ ብቻ ያያሉ፤ ያም ካልሆነ ሜትሩ ብቻውን በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የሜትሩ ነገር ነው ያስቸገረኝ። ጠዋት 91፣ ማታ 94 ይሆናል። ሱሪዬ ደግሞ 34 ቁጥር ነው፤ የቱን ልመን?

መልስ፦ የሱሪውን ይተዉት፤ ሱሪ ከሆድ ሥር ስለሚታሰር ሆድ እየገፋ ቁጥሩ ባለበት ሊቆይ ይችላል። በጎንዎ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ታችኛ ጠርዝ በጣት ይፈልጉ፤ ከዚያ የዳሌ አጥንት ጫፍን ያግኙ፤ የሁለቱን እኩሌታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። የልብስ ሰፊ ሜትሩን በዚያ ምልክት ላይ፣ በባዶ ገላ፣ ከኋላም ከፊትም ከወለሉ እኩል ከፍታ እንዲኖረው አድርገው ያዙሩት። ሆድ ሳይስቡ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሰው አየሩ በወጣበት ቅጽበት ያንብቡ። ሁለት ጊዜ ለክተው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ እንደገና ይጀምሩ። ማታ የሚጨምረው ሦስት ሴንቲ ሜትር ምግብና ጋዝ ነው፤ ሽሮና ባቄላ በሚዘወተርበት ጾም ይብሳል። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት መለካት ይበቃል፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ለውጥም ሦስት ተከታታይ ልኬት በአንድ አቅጣጫ እስኪሄድ ድረስ ምንም አይናገርም።

ጥያቄ፦ ወገብ ለመቀነስ ዝንጅብልና ሎሚ በባዶ ሆድ ስንት ቀን ልጠጣ?

መልስ፦ እዚህ የምንነጋገረው ስለ አለካኩ ነው። መጠጣት ከፈለጉ ይጠጡ፤ በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ ስለወረደ ግን አይመስክሩለት፤ የስምንት ሳምንት አማካይ ይዘው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ የልብ ድካም አለባቸው፤ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒትም ይወስዳሉ። ለእሳቸውም የሳምንት አማካይ ብንይዝ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ለእሳቸው አይሆንም። እስካሁን የዕለቱን ቁጥር አትመኑት ያልሁት ውሃ ስለሆነ ነው፤ በልብ ድካም ደግሞ መጠበቅ ያለበት ራሱ ውሃው ነው። በየጠዋቱ ይመዘኑ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ተንጋለው ሲተኙ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ የሳምንቱን መጨረሻ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለሐኪማቸው ደውሉ። ሐኪማቸው ሌላ ገደብ ሰጥቷቸው ከሆነ ያንን ያዙ።

ጥያቄ፦ በሦስት ወር ክብደቴ 82.1 ከነበረበት 81.8 ብቻ ሆነ፤ ወገቤ ግን ከ101 ወደ 97 ወረደ። ጓደኛዬ ጡንቻ ከስብ ስለሚከብድ ነው ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ወደ እውነቱ ተጠግተዋል፤ ኪሎው ያው ኪሎ ቢሆንም ጡንቻ በእኩል ክብደት ያነሰ ቦታ ይይዛል። ክብደት ማንሳት የጀመሩ ከሆነ ጥቂት ጡንቻ ጨምረው ያንኑ ያህል ስብ ቀንሰው ይሆናል። በእግር መሄድ ብቻ ከጀመሩ ግን ያን ያህል ጡንቻ መጠበቅ ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ልኬት ምልክት ሳይደረግበት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ተወስዶ እንደሆነም መጠየቅ አለብኝ። ያም ሆነ ይህ አራት ሴንቲ ሜትር ከልኬት ስሕተት ይበልጣልና የያዙትን አይለውጡ። ቁመትዎን አልነገሩኝም፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣልና፣ 97 ለ1.75 ሜትር ሰው ገና ብዙ ነው፣ ለ1.90 ሜትር ሰው ግን ጥቂት ብቻ ነው የቀረው።