የሱቁ 46 ብር እና የአትክልት ተራው 40

በመቂና በባቱ መሬት ተከራይታችሁ ሽንኩርት ለምታለሙ ልጆቼ፣

ባለፈው ጥር ከመካከላችሁ ሦስቱ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ የአትክልት ሱቅ የተለቀመ ሽንኩርት በኪሎ 46 ብር፣ ሱቁ በር ላይ፣ በየሳምንቱ ልረከባችሁ ብሏቸዋል። ያን ሰሞን አትክልት ተራ በጅምላ 40 ብር ነበር። «ጋሼ፣ 6 ብር ትርፍ አለው፤ እንፈርም?» አሉኝ። እኔም በእነሱ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ ለራሴ አንስቼ፣ በችኮላ መልሼ ከስሬበታለሁና ያን ምሽት ወረቀት ይዘን የሠራነውን ሒሳብ ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድኩ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ዋጋው ነገ ይለወጣል፤ እናንተ አካሄዱን ያዙ።

መጀመሪያ 40 ብሩን ማሳ ዳር ድረስ መልሳችሁ አምጡት። መቶ ኪሎ ሽንኩርት ሳይለቀም፣ ትልቁም ትንሹም እንደተደባለቀ አትክልት ተራ ቢደርስ 4,000 ብር ያወጣል። ከዚህ ላይ የአይሱዙው ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ጆንያው እና የደላላው ኮሚሽን ተደምረው በኪሎ 5 ብር ወሰዱ እንበል፤ 500 ብር ነው። መንገድ ላይ የሚጨማደደውና የሚበሰብሰው አምስት ኪሎ ደግሞ 200 ብር ይወስዳል። እጃችሁ የሚገባው 3,300 ነው፤ በኪሎ 33 ብር።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። ሱቁ የሚፈልገው መካከለኛና አንድ ዓይነት መጠን ያለው፣ አንገቱ በደንብ የደረቀ፣ መንታ ያልሆነና አበባ ያላወጣ ሽንኩርት ነው። ከመቶ ኪሎ 70 ኪሎ ቢያልፍ ደህና ማሳ ነው። ከ70ውም ሁለት ኪሎ ያህል ሱቁ በር ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚከፈላችሁ የ68 ኪሎ ነው፣ 3,128 ብር። ለቃሚዎቹ 200፣ ማመላለሻው 280፣ ጆንያው 50፣ በድምሩ 530 ብር ሲቀነስ 2,598 ይቀራል።

ልጆቹ እስክሪብቷቸውን ያስቀመጡት እዚህ ላይ ነበር። «ቀሪው 30 ኪሎ በ33 ብር ይሸጣላ፤ ወደ ሺህ ብር ነው» አሉኝ። ወጣት ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ቦታ ነው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። በአትክልት ተራ ድብልቁ 40 ብር የሚያወጣው ትልልቁ ትንንሹን ተሸክሞት ስለሚሄድ ነው። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ከላይም ከመሃልም ያያል፣ ጥሩውን አይቶ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩውን ለቅማችሁ ለሱቅ ከሰጣችሁ በኋላ የሚቀረው ምራጭ ነው፤ ጉሊት የምታነግድ እናት በምትመድበው ዋጋ ካልሆነ አይሄድም። በኔ ልምድ ምራጩ የድብልቁን የተጣራ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ካወጣ ጥሩ ነው፤ በዚህ ስሌት 22 ብር። 30 ኪሎው 660 ብር አመጣ ማለት ነው። ከ2,598 ጋር ደምሩት፦ 3,258።

ስለዚህ 46 ብር ከ40 ብር በመቶ ኪሎ 42 ብር አነሰ። ከጅምላው ጋር እኩል ለመውጣት ብቻ የሱቁ ዋጋ 46 ብር ከ60 ሳንቲም መሆን አለበት። ያውም ሱቁ እስኪከፍል ወር መጠበቁን፣ በየሳምንቱ ያለማቋረጥ የማቅረቡን ጣጣ ሳንቆጥር።

ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ሊነሱ ሲሉ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ «ለመሆኑ የምትሸጡት ኩንታል ስንት ኪሎ ነው?» ዝም አሉ። በእኛ አካባቢ ኩንታል የሚባለው ብዙ ጊዜ በሚዛን ሳይሆን በጆንያ ነው፤ ጆንያው ተጠቅጥቆ፣ አፉ ላይ ተቆልሎ በገመድ ይሰፋል። በማግስቱ ሚዛን ተውሰን አሥር ጆንያ መዘንን። አማካዩ 112 ኪሎ መጣ። በ4,000 ብር የሚሸጡት 112 ኪሎ ከሆነ የአትክልት ተራው ዋጋ 40 አይደለም፤ 35 ብር ከ70 ነው። ሒሳቡን እንደገና ስንሠራው ማሳ ዳር የሚደርሰው ከ33 ወደ 29 ብር ግድም ወረደ፤ እኩል የሚያደርገው የሱቅ ዋጋም ወደ 42 ብር ገደማ ሆነ። ሱቁ በኪሎ መዝኖ ስለሚረከብ፣ ትናንት ኪሳራ የነበረው 46 ብር ዛሬ በኪሎ 4 ብር ግድም ትርፍ ሆኖ አገኘነው። ውሉን መፈረም አለመፈረሙን የወሰነው ሚዛኑ ነው። የእናንተ ጆንያ 102 ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ 120ም ሊሆን ይችላል፤ ሳትመዝኑ ከማንም ጋር ዋጋ አትነጋገሩ።

ይህ ሁሉ የአንድ ሳምንት ስሌት ነው። ውሉ ግን ለዓመት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ አይቆምም። በጥቅምትና በኅዳር በመስኖ የተተከለው ከጥር እስከ መጋቢት አንድ ላይ ይደርሳል፤ የፎገራውም ሲጨመርበት ገበያው ይጥለቀለቃል። በክረምት ዝናቡና የቅጠል በሽታው ምርቱን ይቀንሰዋል፣ መሬቱም ጭቃ ስለሚሆን የተነቀለውን ማድረቅ ያስቸግራል። እንቁጣጣሽ ደግሞ የዶሮ ወጥ በዓል ነው፤ በየቤቱ አንድ ድስት ብቻ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ምርቱ ባነሰበት ወር ፈላጊው ይበዛል።

እኔ በወጣትነቴ ከአንድ ሱቅ ጋር ለዓመት አንድ ቁርጥ ዋጋ ተዋዋልኩ። ጥር ላይ ገበያው ከውላችን በታች ሲወርድ ሱቁ «መጋዘኔ ሞልቷል» እያለ ግማሹን ብቻ ይረከበኝ ጀመር። ነሐሴ ላይ ገበያው ከውላችን እጥፍ ሲሆን እኔ በተራዬ «ዝናብ አበላሸብኝ» ብዬ ጥሩውን ወደ አትክልት ተራ ጫንኩት። ሁለታችንም ዋሸን፣ ውሉም ጳጉሜን ሳይደርስ ፈረሰ። ያን ጊዜ ሰውየውን አብዝቼ ወቅሼው ነበር። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ ያለው ከቁርጥ ዋጋው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሁለታችንንም ለውሸት የሚጋብዝ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ከቁርጥ ዋጋ ይልቅ ከገበያው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ቀመር ሠራን። ጭማሪው ስንት ይሁን? ቁርጥ ብር ብቻ ይሁን እንዳንል፣ ገበያው ሲወደድ በር ላይ የሚመለሰውና በምራጩ የምናጣው አብሮ ይወደዳል። በመቶኛ ብቻ ይሁን እንዳንል ደግሞ፣ ገበያው ሲረክስ የለቃሚውና የመኪናው ሒሳብ አብሮ አይረክስም። የመጀመሪያውን ስሌት፣ በትክክል የተመዘነ ኩንታል ይዘን፣ በ15 ብርና በ80 ብር ገበያ ደገምነው። በ15 ብር ገበያ እኩል የሚያደርገው የሱቅ ዋጋ 18 ብር ከ70 ግድም፣ በ80 ብር ገበያ ደግሞ 91 ብር ከ30 ግድም ሆነ። ሦስቱንም የሚያስማማው የገበያው ዋጋ ሲደመር 12 በመቶው ሲደመር 2 ብር ነው። ለዱቤውና ለድካሙ 2 ብር ጨምረን 4 ብር አደረግነው። በ40 ብር ገበያ 48 ብር ከ80 ይሆናል። ማሳው፣ መንገዱና የሚለቀመው ድርሻ ሲለያይ የእናንተ ቁጥርም ይለያያል። ከመቶ 50 ኪሎ ብቻ ከሆነ የሚያልፈው፣ የሚያስፈልጋችሁ ጭማሪ ከዚህ በጣም ይበልጣል።

«የገበያው ዋጋ» የምትለዋን ቃል በውሉ ላይ ሳትፈቱ አትለፉ። ገበያው ከፒያሳ በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር እንኳ «አትክልት ተራ ስንት ዋለ?» የሚለው ጥያቄ ስሙን አልለወጠም፤ መልሱ ግን እንደ ሰውየው ነው። ደላላው ሊገዛችሁ ሲል ዝቅ፣ ልትልኩለት ስትሉ ከፍ አድርጎ ይነግራችኋል። እኛ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ጎህ ሳይቀድ፣ ሦስት ሰው እንዲጠየቅ አደረግን፦ አንድ የጅምላ ነጋዴ፣ አንድ ከተራው የሚገዛ ቸርቻሪ፣ ጭነቱን አራግፎ የሚመለስ ሹፌር። ከሦስቱ መካከለኛው ይመዘገባል፤ የሁለት ሳምንት አማካይ የሚቀጥለውን ሳምንት ዋጋ ይወስናል። ሱቁም በራሱ ሰው ይጠይቃል፤ ከ3 ብር በላይ ከተለያየን ያን ቀን ሁለታችንም እንጥለዋለን።

በመጨረሻ ወለልና ጣሪያ፦ ገበያው ምንም ቢሆን የሱቁ ዋጋ ከዚያ በታች የማይወርድበትና ከዚያ በላይ የማይወጣበት ልክ። ልጆቹ ለማሳው ያወጡት ወጪ በኪሎ 20 ብር ይመጣል። ገበያው 12 ብር ሲወርድ ቀመሩ 17 ብር ከ44 ይሰጣል፣ ያ አያኖርም። ወለሉን 24 ብር ጠየቁ። ይህ እንኳ ምራጩ የሚያስከትለውን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ግን ከዚያ በላይ ቢጠይቁ ሱቁ እንደኔው ሱቅ መጋዘኑ ይሞላል። በለውጡ ጣሪያውን 85 ብር ሰጡ። ገበያው 90 ሲደርስ በቀመሩ ወደ 105 ያገኙ ነበርና በኪሎ 20 ብር ይተዋሉ። አንደኛው ልጅ «ከሚሰጡን የሚወስዱብን ይበልጣል» አለ። በኪሎ እውነቱን ነው። ነገር ግን በኪሎ ሳይሆን በኩንታል ነው መቁጠር ያለባችሁ፤ ገበያው 12 በሚሆንበት በየካቲት ማሳው ሙሉ ነው፣ 90 በሚሆንበት በነሐሴ ከዝናቡ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለሱቁ የሚገባው በርካሹ ወቅት 60 ኩንታል፣ በውዱ 10 ኩንታል ከሆነ፣ ወለሉ ወደ 39 ሺህ ብር ያመጣል፣ ጣሪያው ወደ 20 ሺህ ብር ይወስዳል።

ደግሞም ለሱቁ ቃል የገቡት ከምርታቸው ሲሶውን ብቻ ነው። ቀሪው አትክልት ተራ ይሄዳል፤ ነሐሴ ላይ የ90 ብሩን ገበያ የሚያገኙት በእሱ ነው፣ ምራጩም ከሱ ጋር ሲጫን ብቻውን እንደሚሸጠው አይረክስም። ሱቁ በቅድሚያ የ46ቱን ቁርጥ ዋጋ ትቶ በቀመሩ ለመስማማት አንገራግሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደውሎ ወለሉን 22 ካደረጋችሁት እፈርማለሁ አለ። 23 ላይ ተገናኙ።