ከፎቶ ዕቃ መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ ከ"ጥገና ቤት" ጋር

ጥገና ቤት፦ እስከ ማታ አለሁ። የማያውቀኝ ካለ፣ ስታዲየም አካባቢ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። መለዋወጫ የምፈልገው በአብዛኛው ከፎቶ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ፎቶውን ቆርጣችሁ ፈልጉ። ፎቶው ላይ ዕቃው ብቻ ይታይ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እንደምለው አውቃለሁ።

ሜክሲኮ አደባባይ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ሶፋ አየሁ። ሻጩ "የቱርክ ነው" ይላል። ከፎቶው ማረጋገጥ ይቻላል?

ጥገና ቤት፦ ፎቶው ከየት እንደመጣ ልታውቅ ትችላለህ። ሶፋው ከየት እንደመጣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ያው ፎቶ ሌላ ቦታ ተለጥፎ ከሆነ ቲንአይ የሚባለው የፎቶ መፈለጊያ ድረ ገጽ ወይም የጉግል ሌንስ ላይ "Exact matches" የሚለው ያወጣልሃል። አንዱን ፎቶ ብዙ ሻጭ ስለሚዋዋሰው የቻይና ገበያ ላይ ብታገኘው እንኳ ሶፋው የቻይና ነው ማለት አይደለም። የሚጠቁመው ሻጩ ፎቶውን ራሱ አንስቶት ላይሆን እንደሚችል ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሶፋ በቪዲዮ ቀርጾ ይላክልህ።

የልደታዋ እናት፦ ጋሼ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ውሃ አያስወጣም። የመጣው ልጅ ፓምፑ ተቃጥሏል አለኝ። ፎቶ አንስቼ ብፈልግ ሃያ ዓይነት አመጣልኝ። ሁሉም አንድ ይመስላል። የቱን ልግዛ?

ጥገና ቤት፦ እናቴ፣ ገና ምንም አይግዙ። ይህ የእኔ ሙያ ነውና ትንሽ ልዘርዝረው።

ሌንስ ዕቃውን እንደ እኛ አያውቀውም። ምስሉን ወደ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ይለውጠዋል። መልካቸው የተቀራረበ ነገሮች ቁጥራቸውም ይቀራረባል። ከዚያ ከእርስዎ ፎቶ ጋር የተጠጋጉትን ያመጣል። የእርስዎ ፓምፕ ኢንተርኔት ላይ ባይኖርም ባዶ እጁን አይመለስም፤ የሚቀርበውን ይዞ ይመጣል። "ይመስላል" ነው የሚልዎት፣ "ነው" አይደለም። ከፎቶው መጠኑን አይለካም፣ ያላነሱትን ጀርባም አያይም።

እኔ ራሴ በዚሁ ተበልቻለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ የፓምፕ ፎቶ ላከልኝ። ፓምፑ ቀይ ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል። እንዳለ ስፈልገው ሳፋ በሳፋ አደረገኝ! ሳፋውን ቆርጬ ስጥለው ፓምፖች መጡ። ስቲከሩን ብቻ ለይቼ ስፈልግ ደግሞ ጽሑፉን አነበበው፦ B20-6። ደስ ብሎኝ መርካቶ ሄጄ B20-6 የሚል ገዛሁ። ሞተሩ ቁርጥ ያው ነው። የፊቱ ፕላስቲክ ግን አልገጥም አለ። የደንበኛዬ በ3 ብሎን ይታሰራል፤ የገዛሁት ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ነው። የውሃ መውጫ አፉም ጠበበ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ያ ቁጥር የሞተሩ ነው። አንዱ ሞተር ለብዙ ማሽን ይሠራል፣ እንደየማሽኑ ሌላ ሌላ የፕላስቲክ ራስ ይገጠምለታል። ፍለጋው አልዋሸም፤ ያነበብኩት የግማሹን ዕቃ ስም ነበር።

ስለዚህ አራት ፎቶ ያንሱ፦ ስቲከሩን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ፊት ለፊት፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን፣ አንዱን ደግሞ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው። እያንዳንዱን ለብቻው ይፈልጉ። ውጤቱ ሲመጣ በዓይንዎ ያወዳድሩ፦ ቀዳዳው ስንት ነው? አፉ ወደየት ይዞራል? መሰኪያው በየት በኩል ነው? ቮልቱንም ያንብቡ። የአሜሪካው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ፓምፕ በመልክ ከእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ጋር መንታ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ይህን አይለይም።

የፒያሳ ልጅ፦ ለምን አዲሱን ሞተር ነቅለህ አሮጌው ራስ ላይ አልገጠምከውም? እኔ ሁለቴ ሠርቼዋለሁ።

ጥገና ቤት፦ አንዳንዱ ይሆናል። የእኔ የተበየደ ፕላስቲክ ነበር፣ ብነቅለው ይሰነጠቃል።

የፒያሳ ልጅ፦ በጥንቃቄ ከሆነ አይሰነጠቅም።

ካዛንቺስ፦ ተሰንጥቆ ቤቱን ውሃ ሲሞላው ማን ይጠየቃል?

የፒያሳ ልጅ፦ የእኔዎቹ እስካሁን አላፈሰሱም።

ጥገና ቤት፦ ይህን ሌላ ቀን። ወደ ፎቶው።

ካዛንቺስ፦ ቲንአይ ላይ "Oldest" ካሉት የመጀመሪያውን ሻጭ ያወጣል። እኔ ዋናውን አምራች የማገኘው በዚህ ነው።

ጥገና ቤት፦ ግማሹ ልክ ነው። ቀኑ ቲንአይ ያንን ፎቶ መጀመሪያ ያገኘበት ነው እንጂ የተለጠፈበት አይደለም። አምራቹ ቀድሞ ለጥፎት ቲንአይ ገና አልደረሰበት ይሆናል። ደግሞም ቲንአይ የሚፈልገው ያንኑ ፎቶ ነው። አንተ በስልክህ ያነሳኸውን ብትሰጠው ባዶ ይመልስልሃል፤ ያን ፎቶ ማንም ለጥፎት አያውቅማ።

ጀሞ 1፦ የትኛው አፕ ነው የሚሻለው?

ጥገና ቤት፦ ለምን ዕቃ? ከየት የተገኘ ፎቶ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

አራት ኪሎ፦ የሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ፎቶ ስፈልግ የሞሮኮና የህንድ ልብስ ያመጣል። ጥበቡን አያይም እንዴ?

ጥገና ቤት፦ ልብስ አላውቅም። ግን ሞዴሏን ከነፊቷ ከሰጠሽው ረጅም ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ይፈልጋል። ጥለቱን ብቻ ቁረጪ።

ሽሮ ሜዳ ሱቅ፦ ቆርጣም አታገኘውም። የእኛ ሥራ አብዛኛው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው የሚለጠፈው። ፍለጋው እዚያ ብዙም አይገባም። በዚያ ላይ አንዱን ጥለት አሥር ሸማኔ ይሠራዋል። የማን እንደሆነ ፎቶ አይነግርም።

አራት ኪሎ፦ ታዲያ ዋጋ እንዴት ላወዳድር?

ሽሮ ሜዳ ሱቅ፦ ነይና በእጅሽ ዳብሺው።

ሜክሲኮ አደባባይ፦ ያንዴክስ ከሌንስ ይበልጣል የሚሉ አሉ።

ጥገና ቤት፦ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል። ሁለቱንም ሞክር። ቆርጠህ!

ቦሌ 24፦ የአንድ ሰው ፎቶ አለኝ፣ ማን እንደሆነ ማወቅ...

ጥገና ቤት፦ ዕቃ ነው ያልኩት።

ጀሞ 1፦ እሺ፣ የጁስ መፍጫ ነው። ከየት እንደሚገኝ ንገረኝ።

ጥገና ቤት፦ ፎቶው የታለ? ስትልክ ደግሞ በ"File" ላከው። ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሰዋል፤ የስቲከሩ ትንንሽ ፊደል ይጠፋል። ፊደሉ ከጠፋ የቀረው ግምት ነው።

የልደታዋ እናት፦ ጋሼ፣ አነሳሁ። ስቲከሩ ውሃ በልቶት ግማሹ አይነበብም። "30W" የሚለው ብቻ ቀርቷል። ቀዳዳው 3 ነው።

ጥገና ቤት፦ 30W ብቻውን አይበቃም፣ ብዙ ፓምፕ እንዲሁ ነው። የፓምፑን ፍለጋ ይተዉትና ከማሽኑ ይጀምሩ። በሩን ከፍተው ጠርዙ ላይ፣ አለዚያም ከጀርባው የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ያገኛሉ። እሱን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። በማሽኑ ቁጥር ስንፈልግ የሚመጣው ፓምፕ 3 ቀዳዳ ካለው ተቃርበናል። አፉን ግን በማስመሪያ ይለኩልኝ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከውጭ።

የልደታዋ እናት፦ ማሽኑ ግድግዳ ተጠግቷል። ልጄ ከሥራ ሲመጣ እናወጣዋለን።